ገመና ያለበትን ፎቶ ማስመርመር፦ ወደ ድረ ገጽ መላክ ይሻላል ወይስ በራስ ኮምፒውተር ማየት?

ባለፈው ክረምት ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ወዳለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ አንዲት የ27 ዓመት መምህርት ከታላቅ ወንድሟ ጋር መጣች። ማንነቱን የማታውቀው ሰው የእሷ ፊት ያለበትን የእርቃን ፎቶ በቴሌግራም ልኮላት፣ ገንዘብ ካልከፈለች ለሥራ ባልደረቦቿ እንደሚበትነው አስፈራርቷታል። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ተነሥታ እንደማታውቅ እርግጠኛ ነች፤ የፈለገችው ለቤተሰቧና ለፖሊስ የምታሳየው ማስረጃ ነበር። ወንድሟ ፎቶ የተቀነባበረ መሆኑን በነጻ እናጣራለን የሚል አንድ ድረ ገጽ በስልኩ ከፍቶ፣ ፎቶውንም መርጦ፣ «ጋሼ፣ ልላከው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዳይልከው ለመንሁት። የለመንሁበትን ምክንያት፣ በምትኩ ያደረግነውን ሥራ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ካሉት መንገዶች የትኛውን ቢመርጥ እንደሚሻል ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ወደ መመርመሪያ ድረ ገጽ መላክ

ብዙ ሰው በአድራሻው መጀመሪያ ላይ የቁልፍ ምልክት ሲያይ ፎቶው የተጠበቀ ይመስለዋል። ያ ምልክት የሚያመለክተው ፎቶው ከስልክዎ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ባለው ጉዞ ሌላ ሰው ሊያየው እንደማይችል ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ፎቶው እንደገና ተፈትቶ ሙሉ ምስል ይሆናል፤ ካልሆነ ምርመራው ራሱ ሊካሄድ አይችልም። ከዚያ ወዲያ ፎቶው ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለአዲስ መመርመሪያ ማሠልጠኛ ይውል እንደሆነ የሚወስነው የድረ ገጹ ባለቤት ነው። በነጻ ከሚሠሩት መካከል ምርመራውን ራሳቸው የማይሠሩ፣ የተቀበሉትን ፎቶ ለሌላ ኩባንያ ሰርቨር አስተላልፈው ውጤቱን ብቻ የሚመልሱ አሉ፤ በዚያ ጊዜ አንድ ቦታ የላኩት ፎቶ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። «አጥፋ» የሚለው ቁልፍም ከፊትዎ ያለውን ቅጂ ከማንሣት አልፎ በመጠባበቂያ የተያዘውን ማጥፋቱን ለማረጋገጥ ተጠቃሚው መንገድ የለውም።

ይህን በግልጽ የሚናገሩትን አገልግሎቶች አመሰግናለሁ። ለምሳሌ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፎቶፎረንሲክስ ነጻው ገጹ የግል ምስጢር መያዣ እንዳልሆነ፣ የተላኩ ምስሎች እንደሚቀመጡና ለምርምር ሊውሉ እንደሚችሉ ለተጠቃሚው ያስታውቃል፤ የእርቃን ምስልንም ጭራሽ አይቀበልም። ቫይረስ ለማጣራት የሚያገለግለው ቫይረስቶታልም የተላኩለትን ፋይሎች ለደኅንነት ኩባንያዎችና ለከፋይ ደንበኞቹ ያካፍላል። ሁለቱም ለተሠሩበት ዓላማ ጠቃሚ ናቸው፤ የሰው ገመና የሚላክባቸው ግን አይደሉም።

ከምስሉ ሌላ ፋይሉ ውስጥ የሚሄድም ነገር አለ። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታን የመመዝገብ ፈቃድ ከተሰጠው ደግሞ የቦታውን መጋጠሚያ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ለጎንደር ከተማ ቁጥሩ በ12.6 ሰሜንና በ37.4 ምሥራቅ አካባቢ ይጀምራል፤ ከነጥቡ በኋላ አራት አኃዝ ሲሞላ ስሕተቱ ወደ 11 ሜትር ስለሚወርድ ግቢዎን ለይቶ ያሳያል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከፖሊስ ይሸሽ የነበረው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ መሥራቹ ጆን ማካፊ ጓቲማላ ውስጥ መሆኑ የታወቀው፣ አንድ መጽሔት ያወጣው ፎቶ የቦታ መጋጠሚያውን እንደያዘ በመለጠፉ ነበር።

«እንግዲያውስ ፊቷን ወይም ገላዋን ቆርጬ ልላከው» የሚል ሐሳብ የመምህርቷ ወንድም አንሥቶ ነበር። ቆርጦ መላክ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የተቆረጠው ክፍል ብዙውን ጊዜ ሊመረመር የሚገባው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ መቁረጥ ሁልጊዜ መቁረጥ አይደለም፤ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው የጉግል ፒክስል ስልኮች የማረሚያ መተግበሪያ ጉድለት ምክንያት፣ ባለቤቶቹ ቆርጠው ጥለነዋል ያሉት የምስል ክፍል ፋይሉ ውስጥ ቀርቶ ሌላ ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ተከፍሎበት ትክክለኛ መልስ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይከብድ ነበር። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ መልሱ ደካማ ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የተሠሩት ከጥግ እስከ ጥግ በማሽን የተፈጠረን ምስል ለመለየት ሲሆን፣ ለማስፈራሪያ የሚውለው ፎቶ ግን አብዛኛው አካሉ እውነተኛ ሆኖ ልብሱ ወይም ፊቱ ብቻ የተቀየረ ነው። በዚያ ላይ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ያሳንሰዋል፣ እንደገናም ያምቀዋል፤ መመርመሪያው የሚፈልጋቸው ረቂቅ ምልክቶች አብረው ይጠፋሉ። «63 በመቶ እውነተኛ ነው» የሚል መልስ ይዛ ወደ ቤተሰቧ ብትመለስ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይብሳል።

በፎቶ መፈለጊያዎች ላይ ማፈላለግም ያው መላክ ነው። የግድ መፈለግ ካስፈለገ የሚላከው የተቀነባበረው ፎቶ ሳይሆን፣ ባለቤቷ ራሷ ቀድማ በአደባባይ የለጠፈችው ንጹሕ ፎቶ ይሁን።

መካከለኛው መንገድ፦ ብሮውዘር ውስጥ የሚሠራ፣ ፎቶውን የማይልክ መሣሪያ

አንዳንድ ድረ ገጾች ፕሮግራሙን ወደ እርስዎ ኮምፒውተር አምጥተው ሥራውን እዚያው ያካሂዳሉ። ፎረንሲካሊ የተባለው መሣሪያ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የምስሉን ክፍል ለማጉላት፣ የተደጋገመ ቦታ ለመፈለግ፣ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ለማየት ያስችላል፣ ምስሉንም ወደ ሰርቨር አይልክም። ሶፍትዌር መጫን ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ የሥራ ቦታ ኮምፒውተር ለሚጠቀም፣ ከመጀመሪያው መንገድ እጅግ የተሻለ ነው።

ይሁን እንጂ «ፎቶዎ ከኮምፒውተርዎ አይወጣም» የሚለውን ቃል ማንኛውም ድረ ገጽ ሊጽፈው ስለሚችል፣ ምስጢር የሌለበት ፎቶ ይዞ መፈተን ያስፈልጋል። እኔ ለዚህ የማስቀምጠው የፋሲል ግቢ ፎቶ አለኝ። ገጹን ከፍቶ F12 ሲጫኑ ከሚመጣው መስኮት ላይ Network የሚለውን መርጦ ያንን ፎቶ መክፈት ነው፤ ፎቶው 3 ሜጋባይት ከሆነና በዝርዝሩ ላይ POST የሚል ወደ 3 ሜጋባይት የሚጠጋ መልእክት ሲወጣ ከታየ፣ ገጹ እየላከ ነው። ሁለተኛው ፈተና ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ዋይፋዩን ወይም ዳታውን አጥፍቶ መሞከር ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ካልሠራ ሥራው የሚካሄደው ሰርቨር ላይ ነው ማለት ነው። ፈተናውን ቢያልፍም እንኳ እውነተኛውን ፎቶ በግል መስኮት፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ እያለ ከፍቶ፣ መስኮቱን ሳይዘጉ ኢንተርኔቱን አለመመለስ ይገባል፤ ምክንያቱም ገጹ መስመር ሲያገኝ ለመላክ ያቆየው ነገር እንዳይኖር ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ኢንተርኔት በተቋረጠበት የራስ ኮምፒውተር

እኔ የመረጥሁት ይህን ነው፤ የመረጥሁበትም ዋና ምክንያት ከምስጢር ጥበቃው በላይ፣ መምህርቷ በእጇ ላይ ማንም ድረ ገጽ የሌለው ማስረጃ ስለነበራት ነው። በፎቶው ላይ የሚታየውን የሹሩባ አሠራርና የጆሮ ጌጥ ስትመለከት፣ ከሁለት ዓመት በፊት በጓደኛዋ ሠርግ ላይ በአበሻ ቀሚስ የተነሣችውና ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ፎቶ ትዝ አላት። ልብስ አውላቂ በሚባሉት ፕሮግራሞች የተሠራ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ፊቱን፣ ፀጉሩንና ከኋላ ያለውን ነገር ከመነሻው ፎቶ እንዳለ ይወስዳል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይህ ፎቶ በማሽን የተሠራ ነው?» ከሚለው ወደ «ይህ ፎቶ ከዚህኛው ፎቶ ተወስዷል?» ወደሚለው ተቀየረ፤ ይህኛው ጥያቄ ደግሞ በፐርሰንት ሳይሆን በዓይን የሚታይ መልስ አለው።

መጀመሪያ ያደረግነው ፎቶዎቹን ከስልኳ በኬብል መቅዳት ነው። በቴሌግራም ለራስ መላክ ቀላል ቢመስልም፣ የቴሌግራም መደበኛ መልእክቶች ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ያው መላክ ይሆናል። የስልኳ ጉግል ፎቶስ የወረዱ ምስሎችን በራሱ ወደ ሰርቨር እያስቀመጠ መሆን አለመሆኑንም አይተን አጠፋነው፤ ይህ ካልታየ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው። ስልኩ ላይ ያለው የአስፈራሪው መልእክት ግን አልተነካም፤ የተጠቃሚ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ተነሥቶ ዋናው ለፖሊስ እንዲቆይ ተደረገ። ለምርመራ የሚያስፈልጉትን ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች፣ ኤግዚፍቱልንና ኢሜጅማጂክን፣ ቀድሜ በኮምፒውተሩ ላይ ጭኜ ስለነበር ኢንተርኔቱን ነቅለን ጀመርን።

ፋይሎቹ ከዚህ ቀን ጀምሮ እንዳልተቀየሩ ለማሳየት የእያንዳንዳቸውን ሃሽ አውጥተን ወረቀት ላይ ጻፍን፤ ሃሽ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ቁጥር ሲሆን፣ ፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ከዚያ በፋይሎቹ ውስጥ የተጻፈውን አነበብን። በዊንዶውስ ትእዛዞቹ እነዚህ ናቸው፤ received.jpg ከአስፈራሪው የመጣው፣ original.jpg ደግሞ የሠርጉ ፎቶ ነው፦

```
certutil -hashfile received.jpg SHA256
certutil -hashfile original.jpg SHA256
exiftool -a -G1 -s received.jpg
exiftool -a -G1 -s original.jpg
```

ከአስፈራሪው የመጣው ፎቶ 960 በ1280 ፒክስል ነበር፤ ከመጠኑ በቀር የካሜራ ስም፣ ቀንም ሆነ ቦታ አልነበረውም። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ቴሌግራም እነዚህን መረጃዎች ከማንኛውም ፎቶ ላይ ስለሚያራግፍ እውነተኛ ፎቶም ቢሆን እንዲሁ ባዶ ሆኖ ይመጣል። እንደ ፋይል የተላከ ቢሆን ኖሮ ግን ሳይነካ ስለሚመጣ፣ አንዳንድ ጊዜ የሠራው ፕሮግራም ስም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ከእሷ ስልክ የወሰድነው የሠርጉ ፎቶ በአንጻሩ 3000 በ4000 ፒክስል ሲሆን፣ የስልኩ ሞዴል፣ የሠርጉ ቀንና ሰዓት፣ የቦታው መጋጠሚያም ጭምር ነበረው።

ቀጥሎ የሠርጉን ፎቶ ከመጣው ጋር እኩል አድርገን አሳንሰን፣ አንዱን ከሌላው ቀነስነው፦

```
magick original.jpg -auto-orient -resize 960x1280! small.png
magick received.jpg small.png -compose difference -composite -evaluate Multiply 4 diff.png
```

ውጤቱ የሚነበበው እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ፎቶዎች አንድ በሆኑበት ቦታ ሁሉ ምስሉ ጥቁር ይሆናል፣ በተለያዩበት ይበራል። `-evaluate Multiply 4` የሚለው ልዩነቱን በአራት አባዝቶ ለዓይን እንዲታይ ያደርጋል። በእኛ ምስል ላይ ፊቷ፣ ከግንባሯ ላይ ያመለጠችው ቀጭን ፀጉር ሳትቀር ሹሩባዋ፣ ከኋላ ያለው የሠርግ አበባና መጋረጃ ጥቁር ሆነ፤ ከአንገት በታች ያለው ብቻ በቀሚሱ ቅርጽ ልክ ነጭ ሆኖ ወጣ። አንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ፎቶ ቢነሣ ፀጉሩ ሁሉ በተመሳሳይ ነጥብ ላይ ሊያርፍ ስለማይችል፣ ወንድሟ ያንን ምስል ሲያይ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሁሉም ነገር እንዲህ በአንድ ጊዜ አይሳካም። በየነገሩ ጠርዝ ላይ የሚታይ ስስ ግራጫ መስመር ከመታመቅ የሚመጣ ስለሆነ አያሳስብም። ምስሉ ሁሉ ካበራና እያንዳንዱ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከታየ ግን ፎቶዎቹ አልገጠሙም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስፈራሪው ዳሩን ስለቆረጠው ነው። ያን ጊዜ ጊምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ ደርቦ፣ የላይኛውን ሽፋን Difference በሚለው ሁኔታ አድርጎ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ማሳነስና ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ዓይኖቹን መነሻ ማድረግ ሥራውን ያፈጥነዋል። ግራና ቀኙ የተገለበጠ ፎቶም አጋጥሞኛል፤ የሠርጉን ፎቶ በሚያሳንሰው ትእዛዝ ላይ `-flop` መጨመር ይመልሰዋል።

«ምናልባት እውነተኛው የእርቃኑ ሆኖ፣ የቀሚሱን የሠራችው እሷ ብትሆንስ?» ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ ለፖሊስ የሚቀርብ ማስረጃ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። መልሱ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው። የ3000 በ4000ው ፎቶ ላይ የቀሚሱ ጥልፍ ክርና የሹሩባው እያንዳንዱ ጉንጉን ይለያል፤ በ960 በ1280ው ላይ እነዚህ ተዋሕደው ይታያሉ። ትልቁን አሳንሶ ትንሹን ማግኘት ይቻላል፣ ከትንሹ ተነሥቶ ግን የጠፋውን ዝርዝር እንደነበረ መመለስ አይቻልም። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ቀን በማንም ሊቀየር ስለሚችል በእሱ ላይ ብቻ አልተማመንም፤ ከእሱ ይልቅ የፌስቡኩ ልጥፍ ቀን እና ፎቶው የተነሣበት ስልክ ራሱ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ስልኩን ፎርማት ማድረግም ሆነ ፎቶውን ከስልኩ ማጥፋት አይገባም።

ምርጫው የሚቀየርባቸው ሁኔታዎች

የመነሻው ፎቶ ካልተገኘ ሦስተኛው መንገድ ይደክማል። ፊቱ ከአንድ ፎቶ፣ ገላው ከሌላ ሰው ተወስዶ ሲጋጠምም ማቀናነሱ የሚሠራው በፊቱ ዙሪያ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ የሰው ገመና ያለበትን ፎቶ ወደ ድረ ገጽ እንዲልክ ማንንም አልመክርም፤ የሚቀረው የመነሻውን ፎቶ መፈለጉን መቀጠል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማኅበራዊ ገጽ ላይ በአደባባይ ከተለጠፉት ፎቶዎች መካከል ይገኛል። መመርመሪያ ሞዴሎችን አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድም ይቻላል፤ ምስጢሩን ይጠብቃል፣ ነገር ግን በተጨመቀ ፎቶ ላይ ያለውን ድክመት አያስቀርም።

የባንክ ደረሰኝ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም የሐኪም ውጤት ፎቶ ከሆነም ሰው ስሙንና ቁጥሩን እንደያዘ ለመመርመሪያ መላክ የለበትም፤ እውነተኛው መዝገብ ያለው ባንኩ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ ጋ ስለሆነ በቀጥታ እዚያ መጠየቅ ይበልጣል። ማንም የሌለበት፣ ቀድሞ በአደባባይ የተሰራጨ የዜና ፎቶ ከሆነ ግን የመጀመሪያው መንገድ ጉዳት የለውም፣ ፈጣንም ነው።

በፎቶው ላይ ያለው ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ከላይ ከተጻፈው አንዱንም አያድርጉ። ፎቶውን መቅዳትና ማስቀመጥ ራሱ ልጁን የሚጎዳ፣ በሕግም የሚያስጠይቅ ስለሆነ ስልኩን እንዳለ ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ነው።

እንዳይሰራጭ ለመከላከል ደግሞ ከመመርመሪያዎቹ ፈጽሞ የተለየ አሠራር ያለው StopNCII.org አለ። ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ይህ አገልግሎት የፎቶውን ሃሽ በእርስዎ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አስልቶ ቁጥሩን ብቻ ይወስዳል፤ ፎቶው ከእጅዎ አይወጣም። እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ያሉ ተባባሪ ኩባንያዎች ያንን ቁጥር ይዘው ተመሳሳይ ፎቶ ሲለጠፍ ያግዳሉ። በተቀነባበረ ፎቶም ላይ ይሠራል፤ ተባባሪ ባልሆነ አገልግሎት ላይ የሚሰራጨውን ግን አያቆምም። በሕግ በኩል በኮምፒውተር ተጠቅሞ ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በፈቃዳችን ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የላክነውን ፎቶ ግን ከጎንደር ሆኖ በእነዚህ አዋጆች ማስመለስ እጅግ አድካሚ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱን ፎቶዎች፣ የልዩነቱን ምስልና የሃሹን ወረቀት መምህርቷ በራሷ ፍላሽ ወሰደች። ከእኔ ኮምፒውተር ላይ ማኅደሩን በShift እና Delete አጠፋሁ፤ ዊንዶውስ የከፈታቸውን ምስሎች በትንሹ አድርጎ ስለሚያስቀር በDisk Cleanup ውስጥ Thumbnails የሚለውን መርጬ አጸዳሁ፤ ውጤቱን ለማየት ጊምፕን ተጠቅሜ ስለነበር በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን የሚያሳየውን ዝርዝርም ባዶ አደረግሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እሷና ወንድሟ አጠገቤ ቆመው እያዩ ነው።